ሁለቱ ጥቁር ገመዶች

ቱፋ በሞያሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግን ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ከአፉ ቃል አይወጣም፤ ኤሌክትሪክ የሚለካበት ቴስተሩ ይናገርለታል ይሉታል።

ያን ቀን ጠዋት የሀቢቦ ላንድክሩዘር እንደገና ባትሪዋ ሞቶ ድምፅዋን አጥፍታ አደረች። ወደ ኬንያዋ ማርሳቢት የሚሄዱት መኪኖች በፖሊስ ታጅበው ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣሉ። ሀቢቦ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ሾፌሯ ጎሊቻ ፊት ቆማለች።

«ጎሊቻ፣ ሌሊቱን ሬዲዮ ስታስጮህ ታድራለህ! ዛሬም ካልተነሣች ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

«አዴ ሀቢቦ፣ በአላህ! ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው።»

«ትራስህ ምስክር ሆኖ ይምጣ እንግዲህ!»

ቱፋ የሞተውን ባትሪ በትርፍ ባትሪ ተካው። የኔጌቲቩን ሞርሰቶ፣ የገመዱን ማሠሪያ፣ ከባትሪው ፈታና ቴስተሩን አሥር አምፔር ላይ አድርጎ በባትሪውና በገመዱ መካከል አስገባው። ቁልፉ ተነቅሏል፣ በሮቹ ተዘግተዋል።

«ማንም በር እንዳይከፍት፣ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር።»

ቁጥሩ ሦስት ነጥብ ስምንት አለ። ተኝታ የአንድ የግንባር መብራት ያህል ትጠጣለች!

ፊውዝ በፊውዝ ነቀለ። የሬዲዮው ወጣ፤ ሦስት ነጥብ ስምንት። ጎሊቻ ትንፋሹን ለቀቀ። የመብራቱ ወጣ፤ ያው ነው። የጥሩምባውም፣ የማሞቂያውም። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ መጨረሻው ፊውዝ እጁ ላይ ቀረ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ፊውዝ የሌለው መንገድ አለ» አለ ቱፋ። ቴስተሩን አላቆ፣ ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ጀርባ ወፍራሙን ገመድ ፈታና ጫፉን በጨርቅ ጠቀለለው። ቴስተሩን መለሰ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት።

ኤሌክትሪኩ እንዳይመለስ የሚያግዱት፣ ዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ተቃጥለው ነው ባትሪው ወደ ኋላ የሚፈሰው።

«መቼ ጀመራት?»

«ባለፈው ማክሰኞ፣ ኦቦ ቱፋ፣ በር ክፍት አድሮ ሞታብኝ ነበር። አንድ የከብት መኪና ሾፌር ባትሪ አበደረኝና በገመድ አስነሣናት። ስንነካካ ብልጭ አለ፤ ገመዶቹን ገለበጥናቸውና ተነሣች። ከዚያ ወዲህ…»

«ገመዶቹ የታሉ?»

ጎሊቻ ከወንበር ሥር ጎትቶ አወጣቸው። ሁለቱም ጥቁር። ጫፋቸው ላይ ቀይም ምልክትም የለም።

ቱፋ አወቃቸው። ባለፈው ወር ቀዩ ጥቅል አልቆበት፣ ሁለቱንም ከአንድ ጥቁር ቆርጦ የሠራቸው እሱ ነው። ሀቢቦ እጇን ለቁልፉ ዘርግታለች። ዝም ቢል ማንም አያውቅም።

«አዴ ሀቢቦ፣ ልጁን ተይው።»

«ለምን?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ገመዶቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ፖዘቲቩን እንዲለይ ምልክት አላደረግኩበትም፤ ተገልብጠው ሲነኩ ነው ዳዮዶቹ የተቃጠሉት።»

ሀቢቦ እጇን ሰበሰበች። ቱፋ ሱቁ በር ላይ ከቆመችው የራሱ አሮጌ ላንድክሩዘር ኮፈን ሥር ገባና ዲናሞዋን መፍታት ጀመረ። ጎሊቻ መፍቻ እያቀበለው፣ ወደ ሀቢቦ መኪና አዛውሮ ገጠመው። በመጨረሻ ቴስተሩን መለሱት፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት። ሞርሰቶው ጠበቀ፣ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

መኪኖቹ ሊነሡ ሩብ ሰዓት ሲቀር ጎሊቻ ላንድክሩዘሯን ይዞ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ቱፋ በጨርቁ እጁን ጠርጎ፣ ከጥቁሮቹ ገመዶች አንዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጫፎቹን ቀይ ቀለም ይቀባ ነበር።