የሔራን ምሳ

ሔራን ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር በተከራየችው ክፍል ሆና፣ አዲስ አበባ ላለ የሆቴል ክፍል አስያዥ ድርጅት በኢንተርኔት ትሠራለች። ሁለት እንግዶች በስህተት አንድ ክፍል ላይ ሲመዘገቡ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ ሆቴሎች ጋ ደውላ፣ ለምና፣ ሌላ ክፍል ታገኛለች። ችግሩ ሳይታይ ስለሚፈታ እሷም አትታይም። የሥራ ባልደረባዋ ኪሩቤል ግን አንድ ቅሬታ በፈታ ቁጥር የቡድኑ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፤ ምስጋናው ይዘንብለታል። የሔራን መልስ ከ«እሺ፣ በደስታ» ወደ «እሺ»፣ ከዚያም ወደ ባዶ የአውራ ጣት ምልክት ወረደ። ማኩረፏንም ያየላት የለም።

አከራይዋ እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ቤት የምትውል ልጅ ሥራ ፈት መስላቸው በየቀኑ ምሳ ያመጡላታል። አንድ ቀን በቪዲዮ ስብሰባ መሃል ገቡ። ኃላፊው ዳኘው፣ «ሔራን፣ ባንቺ በኩል ቅሬታ የለም። ሥራው ቀለል ስላለሽ የኪሩቤልንም ደንበኞች ያዢ» እያለ ነበር።

እትዬ ሳህኑን እንደያዙ ወደ ካሜራው ጎንበስ አሉ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ምሳ በልተዋል?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እሷ የትናንቱንም አልበላች። ስልክ ላይ ሰው ስትለምን ነው የምትውል። እኔ ደግሞ ሥራ የላትም ብዬ እዚህ ሰፈር ያለው ፋብሪካ ድረስ ሄጄ ሥራ ጠየቅሁላት።»

«ማንን ነው የምትለምኚው?» አላት ዳኘው። ሔራን አንድ በአንድ፣ ሳታለሳልስ ነገረችው።

የኪሩቤል ደንበኞች እዚያው ኪሩቤል ጋ ቀሩ። አሁን ስብሰባው የሚጀምረው እያንዳንዱ ሰው ሳይታይ የፈታውን በመናገር ነው። ባለፈው ሰኞ ግን ዳኘው ሔራንን ሲጠራ ሌላ ድምፅ መለሰለት።

«ዓሣዋን እየበላች ነው። ቆዩ።»

ስብሰባው በሙሉ ቆየ።