የመድኃኒት አለርጂ የሚለው ዓምድ

እትዬ ካርድ እንላታለን። የክሊኒካችንን ካርድ ክፍል ብቻዋን ከያዘች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጉልበቷ ከመደርደሪያው መሰላል ጋር ከተጣላ ቆይቷል፤ ከአራት ወር በኋላ ጡረታ ትወጣለች።

መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ነው ተባለና የመረጃ መዝገበ ቃላቱን የማዘጋጀት ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። ነርስ ነኝ፤ ጥፋቴ አንድ ቀን ፕሪንተር መጠገኔ ነው። ለእያንዳንዱ ዓምድ ስሙን፣ ትርጉሙን፣ የሚፈቀዱትን መልሶች፣ ባዶ መተው ይቻል እንደሆነ መጻፍ ነው ሥራው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። «የመጣበት ቀን» ላይ ብቻ ከእትዬ ጋር ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተጨቃጨቅን፤ ካርድ ያወጣበት ነው ወይስ ሐኪም ያየው? ሦስት ሳምንት እንዲህ አለቀ፤ ሰለቸን።

«የመድኃኒት አለርጂ» ላይ ስንደርስ «አለ» እና «የለም» ብዬ ላልፍ ስል እትዬ መነጽሯን አወለቀች።

«ሦስተኛ ጨምርበት» አለች። «አልተጠየቀም በል።»

«እትዬ ደግሞ! መዝገቡ ላይ አንድ ባዶ ቦታ የለም እኮ።»

«የሞላሁት እኔ ነኛ!»

ባዶ ቦታ ያለበት ወርኃዊ ሪፖርት ከበላይ ይመለስባት ነበር። ሰዉ በሩ ድረስ ሲሰለፍ ሁሉንም መጠየቅ አልቻለችም። ስለዚህ «የለም» ብላ ትጽፋለች። መጀመሪያ ጨነቃት፣ ኋላ እጇ ለመደ።

«የትኞቹ ናቸው በእውነት የተጠየቁት?»

«ልጄ፣ እሱን ባውቅማ ምን አስጨነቀኝ?»

ተናደድኩ። ያንን «የለም» አምኜ ስንቱን መርፌ ወግቻለሁ።

«አሁንስ ምን አናገረሽ? አራት ወር ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም። ሰው የሚሞተው በማን እጅ ነው? በአንተ!»

«1፦ አለ። 2፦ ተጠይቆ የለም ብሏል። 9፦ አልተጠየቀም» ብዬ ጻፍኩ። 9 ላልታወቀ ነገር የተለመደ ቁጥር ነው። ባዶ አይፈቀድም፤ 2 የሚገባው ከተጠየቀበት ቀን ጋር ብቻ ነው። የድሮው «የለም» በሙሉ ወደ 9 ይዛወራል። ማስታወሻው ላይ ምክንያቱን ስጽፍ «የመዝገብ ችግር» ብዬ ላለሳልስላት ፈለግኩ። ሰርዘው አለችኝ፤ «ሳትጠይቅ የሞላችው የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ናት» ብላ አስጻፈችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የካርድ ክፍሏ መስኮት ጋ ተቀምጣ መጠየቅ ጀመረች። መጀመሪያ የቀረቡት የአሥራ አንድ ዓመት ደንበኛችን የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ።

«አባባ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»

«ፔኒሲሊን» አሉ፣ ሳያመነቱ። «ድሮ ሌላ ቦታ ወግተውኝ ከሞት ነው የተረፍኩት። እዚህ የጠየቀኝ ስለሌለ የምታውቁት መስሎኝ ነበር።»

ካርዳቸው ላይ በእትዬ ንጹሕ ጽሕፈት «የለም» ይላል። 1 ብላ መዘገበች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ» አለች።

ያስጠበቀቻቸው ስለመሰላቸው «ምንም አይደል፣ ልጄ» አሏት፣ «ዛሬማ ተራ ቶሎ ነው የደረሰኝ።»