ዘውድነሽ የሰበሰበችው ስሕተት

መምህርት ዘውድነሽ ፈሪ ናት፤ እርሷም አትደብቀውም። አዘና ተወልዳ ዳንግላ ባዮሎጂ ስታስተምር አሥር ዓመት አልፏታል። ዛሬም ግን «ርዕሰ መምህሩ ይፈልጉሻል» ሲሏት ምን አጥፍቼ ይሆን ብላ መቁጠር ትጀምራለች። በሯን ቆልፋ ከሄደች በኋላ መቆለፉን ለማየት የምትመለስ፣ ባጃጅ ገና ሳይነሳ «ቀስ በል» የምትል ሰው ናት። እንግዲህ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለዘጠነኛ ክፍል የጋራ ፈተና ጥያቄ አውጪ ሲፈልጉ ጣታቸውን የቀሰሩት እሷ ላይ ነው።

ረቂቋን የገመገመው የእንጅባራው መምህር ክንዴ ሳቀባት። «ይህንማ ባዮሎጂ ያልተማረም ያልፈዋል» አላት። ትክክለኛው መልስ በየጥያቄው ረጅሙ ነበር። አንዱ ጥያቄ የዛፍ ካርቦን ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፤ ከምርጫዎቹ ካርቦን የሚል ቃል ያለበት አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም መልሱ። የተሳሳቱት ምርጫዎች ደግሞ ማንንም የማያታልሉ ናቸው።

«ዛፍ ከድንጋይ ተሠራ የሚል ተማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ስሕተት ከራስሽ አትፍጠሪ፣ ከልጆቹ ውሰጂ።»

ዘውድነሽም የመከራትን አደረገች። ክፍል ገብታ ያለ ምርጫ ጠየቀች፦ ባሕር ዛፍ ከችግኝ ተነስቶ ሲገዝፍ አብዛኛው ደረቅ ክብደቱ ከየት መጣ? ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቋንቋው ሐሳባቸውን እንዳይሸፍነው በአማርኛ እንዲጽፉ ፈቀደች። ከአዲስ ቅዳም ገጠር የመጣችው እንቁ «ከአፈር ከወሰደው ማዕድን ነው፤ ለዚህ እኮ ነው ባሕር ዛፍ ያለበት መሬት የሚደክመው» ብላ ጻፈች። ዘውድነሽ ይህን ጮክ ብላ ስታነብ ፈገግታዋን መቆጣጠር አቃታት። እንዲህ ያለ የሚታመን ስሕተት ስትፈልግ ነው የሰነበተችው!

ልታርማቸው ጠመኔ አነሳች። ወዲያው ደነገጠች። መልሱን ከነገርኳቸው ፈተና አሾለክኩ ማለት አይደል? ጠመኔውን አስቀምጣ ወደ ሌላ ትምህርት አለፈች።

ቤቷ ገብታ አራቱን ምርጫዎች እኩል አስረዘመቻቸው፦ ከአፈር ከወሰደው ማዕድን፣ በሥሩ ከሳበው ውሃ፣ ከፀሐይ ከተቀበለው ብርሃን፣ በቅጠሉ ካስገባው አየር። መልሱ የመጨረሻው ነው። ክንዴ አይቶ «አሁን ፈተና ሆነ» አላት።

ፈተናው ተሰጥቶ ብዙም ሳይቆይ የፈራችው መጣ። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ አየነው አስጠሯት።

«ተማሪዎችሽ ጥያቄውን አስቀድመን አይተነዋል እያሉ ነው። አብሮን የተፈተነው የጥሊሊ ትምህርት ቤት መምህራን ፈተና አሾልካለች ብለው ሊከሱሽ ተነስተዋል።»

ከሥራ መባረሯ፣ ስሟ በከተማው መነሳቱ፣ እናቷ አዘና ገበያ ላይ ከሰው አፍ መስማታቸው አንድ ላይ መጣባት። «ጠይቄያቸዋለሁ፤ መልሱን ግን አልነገርኳቸውም» አለች።

«እሱን ማን ያምንሻል?»

ለምስክርነት የተጠራው ክንዴ ነው መላ ያመጣው። «የመልስ ወረቀቶቹን አውጥተን ማን የትኛውን ምርጫ እንዳጠቆረ እንይ። መልሱን ያገኘ ክፍል አየርን ይመርጣል።»

የእሷን ክፍልና የጥሊሊን ወረቀቶች ጎን ለጎን ቆጠሩ። ዘውድነሽ ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነጠላዋን ታጥፋለች ትዘረጋለች። ሲጨርሱ ጋሽ አየነው ሳቁ።

«ነፃ ነሽ። የአንቺ ልጆች ከጥሊሊዎቹ ይብስ አፈር አፈር ብለዋል። መልስ የሸጥሽ እንደሆነ የተሳሳተውን ነው የሸጥሽው!»

እያለቀሰች አመሰገነቻቸውና ወጣች። ደጁ ላይ እንቁ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ቲቸር፣ ያወራሁት እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ ጠይቀውን ነበር አልኩ እንጂ ክፉ አላሰብኩም። አባረሩዎት?»

«አላባረሩኝም። በይ አታልቅሺ።»

«ያችን ጥያቄ እንኳ አግኝቻታለሁ» አለች ልጅቷ፣ ትንሽ ቀና ብላ። «የጻፍኳት መልስ በእንግሊዝኛ ፈተናው ላይ ታትማ ሳያት ሌላውን ሳላነብ አጠቆርኳት። ያን ቀን ሲያነቧት ደስ ብሎዎት ነበርኮ። ክፍሉም ሁሉ እሷን ነው ያጠቆረ።»

ዘውድነሽ አሁን ገባት። ከወረቀቱ ላይ ፍንጭ ለቅማ ስታወጣ ከርማ፣ ትልቁን ፍንጭ በገዛ ፈገግታዋ ሰጥታቸዋለች፤ ያውም ወደ ገደል የሚመራውን። ቅድም ነፃ ያወጣት ያ ሁሉ አፈር አፈር የእሷው ሥራ ነው። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ልጆቹም በተሳሳቱት ይቀራሉ።

«መልሱ አየር ነው እንቁዬ። ነገ ከሥሩ ጀምሬ አስተምራችኋለሁ» አለቻት። የልጅቷ ፊት ሲጠቁር አየችው።

ከዚያም ያደረገችውን ልትነግራቸው ወደ ጋሽ አየነው በር ዞረች። አንኳኳች፤ ሳትጠራ ስታንኳኳ የመጀመሪያዋ ነበር።