ታናሽ እህቷ ማንጎ

ኢልሃም ስትተረጉም መጀመሪያ የሚታየው ጣቷ ነው። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ሌባ ጣቷ ጠረጴዛውን ይመታል። የቀልዱን ትንፋሽ ትለካለች፤ የት እንደሚያጥር፣ የት እንደሚያርፍ። ሳቁ ከመጨረሻው ቃል ላይ ካለ በአማርኛውም ከመጨረሻው ቃል ላይ ማስቀመጥ አለባት። አንድ ቃል ከቀደመ ቀልዱ ይሞታል።

ነቀምቴ ውስጥ የድርቤ ፎቶ ኮፒ ቤት እንጀራዋ ነው። ድርቤ ከፎቶ ኮፒው ጎን አስቂኝ ቪዲዮ የሚለጠፍበት የፌስቡክ ገጽ አላት። በኦሮምኛ የተጻፈውን የአማርኛ ተመልካችም እንዲስቅበት አድርጋ የምትመልሰው ኢልሃም ናት። አባቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ ኪራሙ የሰፈረ ገበሬ ነበር። አሁን እናትም አባትም የላትም። ኪራሙ ከታመሰ ወዲህ ያደገችበትን ቤት አላየችውም። የቀራት ዘመድ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ የሚኖረው አጎቷ ሙሐመድኑር ነው፤ ወለጋን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ፣ ኦሮምኛም የማይሰማ። ነቀምቴ እንድትቀመጥ የፈቀደው ሲያቅማማ ነው።

አንድ ቀን የኪራሙ ጎረቤታቸው ኦቦ ተረፋ ፎቶ ለጠፈ። ባዶው ግቢ፣ በመሃሉ ያባቷ ማንጎ፣ ፍሬው ተንዠርጎ። ከሥሩ ሦስት አጫጭር መስመር በኦሮምኛ ጽፎ የኢልሃምን ስም ጠራ፤ ጫፉ ላይ የሚስቅ ፊት አኖረ። ማንጎዋ ኢልሃም በተወለደች በዓመቱ የተተከለች ናትና በሰፈሩ ታናሽ እህቷ ትባል ነበር። በዚያ ሰፈር የራቀን ሰው በንብረቱ እያሾፉ ይጠሩታል፤ «ላምህን ዳርናት» ይሉታል። የማይቀለድበት ሰው የተረሳ ሰው ነው።

ኢልሃም አንብባ እየሳቀች አለቀሰች። ማታ አጎቷ ደወለ።

«እቃሽን ሰብስቢ።»

«ምን ሆነህ ነው አጎቴ?»

«አይቸዋለሁ። ‹ትርጉም አሳይ› የሚለውን ነክቸ አይቸዋለሁ። ‹ካልመጣሽ ዛፉ ለሌላ ይሰጣል› ነው የሚለው። ደሞ ይስቃል! ባባትሽ ግቢ ቆሞ ይስቃል።»

«ቀልድ እኮ ነው። ማሽኑ ቀልድ አያውቅም።»

«እንግዲያ አንቺ አንብቢልኝ።»

አላነበበችለትም፤ ጊዜ ለመነች። በማግስቱ ድርቤ አጠገብ ተቀምጣ ጠረጴዛውን ስትመታ ዋለች። «መዳር» የሚለውን ቃል ማሽኑ «መስጠት» ብሎት ነበርና እሱን መለሰች። የሚስቀውን ፊት አወጣችው፤ ሐይቅ ሲደርስ ፌዝ ይሆናል። ሳቁን ወደ ቃሉ አስገባችው፣

ታናሽሽ ማንጎዋ ለወግ ደርሳለች፣
ሽማግሌ ቢበዛ «እታለም ትቅደም» ትላለች፤
ቶሎ ነይ ልጄዋ፣ ልትቀድምሽ ነች።

ድርቤ አንብባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ኢልሃም፣ እውነቱን ነው፤ ማንጎ እንኳ ቀድማሽ ታግባ? ኦቦ ተረፋ ራሱ ነው የተናገረው።»

ኢልሃምም እንደዚያ መሰላት። ባንድ ቋንቋ የሳቀ ሰው በሌላ ቋንቋ ያንኑ ሳቅ ሲስቅ ሁልጊዜ ይገርማታል። ላከችው።

አጎቷ ሲደውል ድምፁ አልተቆጣም፤ የከፋው ያ ነው።

«ግጥሙ ያምራል።»

«የሱ ነው አጎቴ።»

«ያንቺ ነው። ይሄ የወሎ ግጥም ነው፣ እናትሽ ስትዘፍን የሰማሁት ዓይነት። ያ ሰው ‹እታለም› ይላል? ፈርተሽ ማር ቀባሽልኝ እንጂ።»

«ወላሂ አልቀባሁም። ቃል በቃል ላንብብልህ?»

«አንብቢ።»

አነበበች። ምቱን ተወችው፣ ወጉን ተወችው፤ ቃሉን ብቻ። «ማንጎሽ ደርሳለች። ጠያቂዋ በዝቷል። ካልመጣሽ እንድራታለን።» ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀዘቀዛት። መሳቂያው የቱ ጋ እንደነበረ ጠፋት።

«ይኸው» አለ አጎቷ ቀስ ብሎ። «ማሽኑስ ከዚህ ሌላ ምን አለ?»

የቀራት አንድ ተስፋ ኦቦ ተረፋ ነበር። ደወለችለትና ነገረችው፤ ቀልድ መሆኑን በራሱ አንደበት፣ በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ ለአጎቷ እንዲጽፍላት ለመነችው።

«እኔ ላስፈራራሽ? አንቺን?»

«አንተማ አይደለህም፣ ኦቦ። አጎቴ ነው እንዲያ የተረዳው።»

«ገባኝ ልጄ። ተይው በቃ።»

ስልኩን ዘጋ። ደግማ ገጹን ስትከፍተው ፎቶው የለም፤ ተረፋ አጥፍቶታል። ግቢው፣ ማንጎዋ፣ ሦስቱ መስመሮች፣ ሁሉም። ምን እንደጻፈ የሚያሳይ የቀረ የእሷ ግጥም ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያምናት የለም።

አጎቷም መጥፋቱን አይቷል። «ንጹሕ ሰው ያጠፋል?» አለ። ከዚያ በኋላ ያነሳው ወደ ሐይቅ ስለሚወስዳት አውቶቡስ ብቻ ነው።

ድርቤ እስከ መናኸሪያው መንገድ ሸኘቻት። «አንዴ ደግመሽ ብታስረጂውስ?» አለቻት።

«ባሳመርኩት ቁጥር ዋሸሽ ይለኛል። ባላሳምረው ማስፈራሪያ ነው። በምን ላስረዳው?»

«ማል ጎና» አለች ድርቤ፤ ምን እናድርግ እንደማለት። ቦርሳዋን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች፤ ኢልሃም ግን አልሰጠቻትም። ትከሻዋን ሳመቻትና ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች፤ ከባጃጆቹ መካከል አንዴም ዘወር ሳትል።