መብራቱ እስኪሞቅ

ዓቢዳ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ የተዳረች ሴት ናት። ባሏ ሦስት ዓመት ሲደበድባት ኖሮ በአራተኛው ጥሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ሱቅ የሰው ወረቀት ትጽፋለች፣ ታባዛለች፣ ስካን ታደርጋለች። ሱቋን ሌባ ስለገባባት ስካነሩን ሲመሽ በነጠላ አዝላ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ጎረቤቶቿ ልጅሽ መቼ ነው የሚሄደው እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም የማይጠባ የማያለቅስ ልጅ ለማን ደርሶት ያውቃል ትላቸዋለች።

አንድ ሰኞ ጧት ሱቁን ልትከፍት ስትመጣ ሠርክአዲስ የምትባል እንግዳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘች። የቡሬ ገጠር ሴት ናት። ግራ ዓይኗ ተደፍኗል፤ ከንፈሯ ላይ የተሰፋው ክር ይታያል። ጉያዋ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አለ፤ ሆስፒታሉ የሰጣት የጉዳት ማስረጃ ነው። እንዳለው የሚባለው ባሏ በዱላ ጭንቅላቷን ፈንክቶ ሁለት ጎድኗን ሰብሯል።

ባሏን የከሰሰችበት ችሎት በዚያው ጧት ቡሬ ላይ በአራት ሰዓት ነው። ይዛው እንዳትሄድ የባሏ ወንድሞች መናኸሪያው ላይ ቆመዋል። በስልክ ፎቶ አንስታ ብትልከው ጠበቃዋ ማኅተሙ አይነበብም ብሎ መለሰው። እንዳለው ደግሞ ፍኖተ ሰላም መግባቷን ሰምቷል።

«የፊተኛውን ማስረጃ አፌ ውስጥ ጎስጉሶ አስዋጠኝ፣ እትዬ» አለች ሠርክአዲስ። «ይኸንንም ካገኘው ሌላ የለኝም።»

ዓቢዳ ስካነሩን ከጀርባዋ አውርዳ ሰካካችው። ኮምፒውተሩ አላየውም፤ መሣሪያ አልተገኘም ይላል። ገመዱን ነካ አደረገችው፣ ላልቷል። ከፊት ነቅላ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ብትሰካው ድምፅ ሰጠ፤ ግን የማይታወቅ መሣሪያ ብሎ ቢጫ ምልክት ለጠፈበት። ቅዳሜ ባለሙያው ኮምፒውተሩን ፎርማት ሲያደርገው ስካነሩን የሚያሠራው ድራይቨርም አብሮ ጠፍቶ ኖሯል። ከፍላሽ ላይ ፈልጋ መጫን ጀመረች። ሠርክአዲስ በሩ ሥር ቆማ መንገዱን ታያለች።

ተጭኖ አለቀ፤ ቢጫው ጠፋ። ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ በፊቱ ደፍታ ብታዘው ስካነሩ ሆዱ ውስጥ እርርር ብሎ ቀጥ አለ። ዓቢዳ ግንባሯን መታች። ስታዝለው ውስጡ እየተንገላታ እንዳይሰበር ማታ ማታ ከሥሩ ያለችውን መቆለፊያ ትቆልፋለች፤ ጧት ከፍታ ነበር የምትጀምረው። ያን ቀን የሴትዮዋ ፊት አስረሳት። ኃይሉን ነቅላ፣ መቆለፊያዋን ገፍታ፣ እንደገና ሰካችው።

አሁን ደግሞ መብራቱ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። አምፖሉ ያረጀ መሰላት። ከዚያ ዓይኗ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ አረፈ፤ የፎቶኮፒው ማሽን እዚያው ተሰክቶ እየሞቀ ነው። ኃይሉን የሚሻማው እሱ ነበር። ነቀለችው። መብራቱ ቀስ ብሎ ነጣ። እስኪሞቅ ይጠብቁ አለ ኮምፒውተሩ።

እንዳለው የገባው ያን ጊዜ ነው። ሚስቱን በፀጉሯ ይዞ ከግድግዳው አላተማት፤ ተሰፍቶ የነበረው ከንፈሯ ተተረተረ።

«ወረቀቱ የት አለ?» አለ።

ዓቢዳ የኮምፒውተሩን ማውስ ተጭና ስካኑን አስጀምራ በሙሉ ሰውነቷ ስካነሩ ክዳን ላይ ተደፋች። ከደረቷ ሥር መብራቱ ሲሄድ ይሰማታል። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ቀኝ ክንዷን ሰበረው፤ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። እንዲህ ያለ ዱላ ታውቀዋለች፤ እንዴት ዝም እንደሚባልም ታውቃለች። ሦስተኛው ጀርባዋ ላይ ነበር።

እግሯን ይዞ ጎትቶ ጣላት። ወረቀቱን ከመስተዋቱ አንስቶ ቦጫጨቀው፤ ዱላውን አንስቶ መስተዋቱን አደቀቀው፣ አምፖሉንም ረገጠው። ኮምፒውተሩን አልነካም። ወረቀቱ እጁ ላይ ነበራ።

«በይ አሁን ክሰሺኝ» አላት ሚስቱን፣ ደም በነካው እጁ ጉንጯን እየደበደበ።

የባጃጅ ሾፌሮች ተሯሩጠው ገብተው በያዙት ብረትና ድንጋይ ወቀጡት። ጥርሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። እየጎተቱ ወደ ፖሊስ ወሰዱት። በሩ ላይ የቆመች አንዲት አሮጊት ተዉት፣ ባሏ ነው ስትል ማንም አልሰማትም።

ዓቢዳ በጉልበቷ ተንፏቃ ወንበሩ ላይ ወጣች። ቀኝ እጇ ተንጠልጥሏል። ስክሪኑ ላይ ወረቀቱ አለ፤ ሲመታት የተንቀሳቀሰው ጫፉ ተንጋዷል፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተሙ ግን ጥርት ብለዋል። ሠርክአዲስ የነገረቻትን የጠበቃውን ስም በግራ እጇ ቴሌግራም ላይ ፈልጋ ላከችለት። ሠርክአዲስ ከንፈሯን በነጠላዋ ጨብጣ ከጎኗ ቆመች።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ጠበቃው መለሰ፦ ማኅተሙ ይነበባል፣ አትሜ ወደ ችሎት እየገባሁ ነው።

ዓቢዳ አነበበችላት። ከዚያ ሠርክአዲስ የተሰበረ ክንዷን ደግፋላት፣ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው መንገዱን ወደ ሆስፒታሉ ተሻገሩ።