ሁለት የሌለው ፖቴንሻል

ከቢቸና ወደ ሞጣ ለፈተና የሄድኩት መንገዱ ተከፈተ በተባለ ማግስት ነው። እኛ ዘንድ መንገድ ተከፈተ ሲባል ማንም እሰይ አይልም፤ መቼ ይዘጋ ይሆን ነው የሚለው። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። እኔ መስኮቱ ጥግ ቦርሳዬን አቅፌ ከንፈሬን አነቃንቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዳዊት የምደግም መስሏቸው "በርቺ ልጄ፣ እኛንም አስቢን" አሉኝ። እኔ የምደግመው የኤሌክትሮንን ነገር ነበር። ምን ብዬ አስረዳቸዋለሁ? "አሜን" ብዬ ቀጠልኩ።

ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ማለቴ ትምህርት ሲኖር አስተምራለሁ። ክረምት ክረምት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ ማስተርሴን እማር ነበር። ለእውቀት ካለኝ ፍቅር የተነሳ ነው ብል ውሸት ይሆናል። የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስትቀመጥ ጊዜዋ ባክኖ እንዳይቀር ብዬ ደብረ ማርቆስ እህቴ ጋ ላክኋት። እዚያው ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ ማስተርስ ያለው የፊዚክስ መምህር እንደሚፈልግ፣ ከጨረስኩም እንደሚቀጥረኝ ነግሮኝ ነበር። ማስተርሱን ካገኘሁ ከልጄ ጋር እኖራለሁ፤ ካላገኘሁ በስልክ ነው የማሳድጋት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ምኞት የለኝም።

ባለፈው ክረምት ሶሊድ ስቴት የሚባለው የጠጣር አካላት ፊዚክስ ኮርስ ጣለኝ። ደንቡ አንድ ድጋሚ ፈተና ይፈቅዳል። በዚያም የወደቀ ይሰናበታል፤ ተመልሶ መመዝገብ የለም። ያስተማሩኝ መምህር ደግሞ አባታቸውን ሊያስታምሙ ሞጣ እንደሄዱ መንገድ ተዘግቶባቸው እዚያው ቀሩ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ሲቸግረው ፈተናውን እዚያው ሞጣ፣ ሰሌዳ ላይ እንዲሰጡኝና ውጤቱን በስልክ እንዲነግሩት ፈቀደ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም፤ ስልክ ግን ጠዋት ጠዋት ይሠራል።

መምህሩ ተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በጣም ከስተዋል።

"እንኳን በሰላም መጣሽ እህቴ። ቁርስ ቀምሰሻል?"

"ቀምሻለሁ መምህር። አባትዎ እንዴት ናቸው?"

"አሉ፣ ተመስገን" አሉኝ፤ አነጋገራቸው ግን ስለ ደህና ሰው የሚናገር አይመስልም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ውስጥ ዴስኮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለዋል። መምህሩ ከኮታቸው ኪስ ጠመኔ አውጥተው የአዮኖቹን ፖቴንሻል ጻፉ፤ ማይነስ ዩ ኮሳይን እያለ የሚሄድ፣ በየአዮኑ ላይ ዝቅ የሚል ነው። ዩ አዮኖቹ ኤሌክትሮኑን የሚስቡበትን ብርታት የሚተካ ፊደል ነው። "በዞኑ ጠርዝ ላይ ምን ያህል ጋፕ ይከፈታል? ለምንስ ይከፈታል? በቃ ይኸው ነው ጥያቄው። ቀለል አድርጌልሻለሁ፣ ቁጥር አላበዛሁብሽም" አሉኝ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ከዩ ፊት ሁለት ይጽፉ ነበር፤ ሁለት ዩ ኮሳይን እያሉ። አሁን ሁለቷ የለችም። አለመኖሯን አየሁ፤ ሆን ብለው የተዋት መስሎኝ ዝም አልኩ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በብረት ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ነው የሚታሰበው። ምንም ባይነካው ኖሮ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ኢነርጂው ያለ ማቋረጥ ከፍ ይላል፤ መሀል ላይ የሚዘለል ቦታ የለም። ብረቱ ውስጥ ግን አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የለቀቁ አተሞች፣ በእኩል ርቀት ተሰልፈው ኤሌክትሮኑን በስሱ ይስቡታል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ከአንዱ አዮን ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ከሌላው ከሚመለሰው ጋር ስለማይገጥም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የሞገዱ ርዝመት የአዮኖቹን ርቀት እጥፍ ሲሆን ግን ጉድ ይመጣል። ያኔ ከየአዮኑ የሚመለሰው ሁሉ ይገጥምና ይደመራል። የዞን ጠርዝ የምንለው ይህንን ነው።

እዚያ ጠርዝ ላይ ወደ ቀኝ የሚሄደውና ወደ ግራ የሚመለሰው ሞገድ ኢነርጂያቸው እኩል ነው፤ ስለዚህ ፖቴንሻሉ ትንሽ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ያደባልቃቸዋል። ከድብልቁ ወዴትም የማይሄዱ፣ ባሉበት የቆሙ ሁለት ሞገዶች ይወጣሉ። አንዱ ኤሌክትሮኑን አዮኖቹ ላይ ይከምረዋል፤ እዚያ ስለሚሳብ ኢነርጂው ይወርዳል። ሌላው በአዮኖቹ መካከል ይከምረዋል፤ የእሱ ኢነርጂ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ባለው ኢነርጂ በብረቱ ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሮን የለም። ጋፕ ማለት ያ ባዶ ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ሰሌዳው ላይ እየሣልኩ ተናገርኩ። አምና የወደቅኩት ጠርዙ ላይ የተለመደውን ቀመር ተጠቅሜ ነው። ያ ቀመር በሁለቱ ሞገዶች የኢነርጂ ልዩነት ያካፍላል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ በዜሮ አካፍዬ አረፍኩት። ዘንድሮ አልሳትኩም። ሁለቱን እኩል ሞገዶች ለብቻ አውጥቼ አንድ ላይ ፈታኋቸው። ጋፑ ሁለቱን ሞገዶች የሚያያይዘው የፖቴንሻል ክፍል እጥፍ ነው። ኮሳይን ራሱ የሁለት ሞገድ ድምር ስለሆነ ለያንዳንዱ የሚደርሰው የዩ ግማሽ ነው። የግማሽ እጥፍ ያው ዩ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን በጭንቅላቴ ሠራሁና "ጋፕ እኩል ይሆናል ዩ" ብዬ ጽፌ በሳጥን ከበብኩት። እጄ በጠመኔ ነጥቷል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ልጄን ትምህርት ቤት በር ላይ ስቀበላት ሁሉ ታይቶኝ ነበር።

መምህሩ ሳጥኑን አይተው አንገታቸውን ደፉ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ነው፤ ሬጅስትራር ዛሬ የውጤት ዝርዝር እየዘጋ ስለሆነ ውጤት ቶሎ ይፈልጋል። መምህሩ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ግን ምን ይደበቃል።

"ማብራሪያውን ደህና አድርጋ ነበር። መልሱን ሳተችው። አዎ... አላለፈችም በል።"

"ምኑን ነው የሳትኩት መምህር?" አልኩ ገና ስልኩን ሳያወርዱ።

"ሁለቷን ረሳሻት እኮ እህቴ። ሁለት ዩ ነው። በየዓመቱ ሁለት ዩ ነው የሚወጣው።"

"በየዓመቱ ከፊቱ ሁለት ይጽፋሉ። ዛሬ አልጻፉም።"

"ፖቴንሻሉን ባቀልልሽ ጋፑ ይቀየራል እንዴ?"

እኔ ስቆጣ አልጮኽም፤ ድምፄ ይቀዘቅዛል፤ ተማሪዎቼ ያኔ ነው የሚፈሩኝ። ጠመኔውን አነሳሁ። "ይቀየራል። ይዩት እንግዲህ" አልኩና አዮን ላይ የሚከመረውን ሞገድ ጻፍኩ። ኤሌክትሮኑ በየቦታው የሚገኝበት መጠን አንድ ሲደመር ኮሳይን ነው። ያንን በፖቴንሻሉ አባዝቼ አማካዩን ወሰድኩ፤ ማይነስ ግማሽ ዩ። በመካከል ለሚከመረው አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ነው፤ አማካዩ ፕላስ ግማሽ ዩ። ከላይኛው ታችኛውን ቀነስኩ። ዩ። ብቻዋን ዩ።

መምህሩ ተነስተው ሰሌዳው ድረስ መጡ። በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ከዴስኮቹ አንዱን ጎትተው አወረዱና ተቀመጡበት።

"ልክ ነሽ" አሉ። "እንዲቀልሽ ብዬ እኮ ነው ያወጣኋት። መልሷን ከጭንቅላቴ ሳላወጣ ቀረሁ።"

ሰውየውን መጥላት ፈልጌ አቃተኝ። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ደወሉ። ኔትወርኩ እምቢ ይላል፣ እሳቸው ይደውላሉ። ሲገኝ ኃላፊው ውጤቱን ለሬጅስትራር አስተላልፌያለሁ አለ። መምህሩ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ ልክ ናት እያሉ ለመኑት፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሲለማመጡ መስማት ከራሴ መውደቅ ይልቅ አሳፈረኝ። ኃላፊው በትህትና ነው የመለሰው። የተላከ ውጤት በስልክ አይቀየርም፤ መምህሩ ራሳቸው ቀርበው በፊርማ ማመልከት አለባቸው፤ ያም ዝርዝሩ ለሴኔት ሳይቀርብ ነው። "ነገ እመጣለሁ" አሉት።

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ተገናኘን። እሳቸው የሰሌዳውን ሥራ ወረቀት ላይ ገልብጠው፣ አባታቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። መኪኖቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ሻይ ይጠጣሉ። መንገዱ ተዘግቷል። እስከ እኩለ ቀን ቆመን ጠበቅን። እሳቸው አንዴ "በእግርም ቢሆን..." ብለው ጀመሩና የራሳቸውን ጉልበት አይተው ተዉት።

እኔ ወደ ቢቸና የተመለስኩት አልጋ ቤት ብዙ ቀን ከርሜ ነው። መምህሩ ዩኒቨርሲቲው የደረሱት ደግሞ ከዚያም በኋላ መንገድ ሲገኝ ነው፤ ዝርዝሩ ጸድቆ ነበር። አላረፉም፤ በየቢሮው ዞሩ፤ ዲፓርትመንቱን ሰብስበው ሰሌዳ ላይ አሳዩ። ከዚያ ደወሉልኝ።

"ሁሉም አምነዋል" አሉኝ። "ልክ መሆንሽን አንድም የተቃወመ የለም። ስንብቱ ግን አይነሳም።"

"እግዜር ይስጥልኝ መምህር" አልኩ። ኮሌጁም ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል፤ ትምህርት ሳይጀመር ሰው ያስፈልገው ነበር፣ አልፈርድበትም። አሁንም ክፍል ሲከፈት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሴሚኮንዳክተር አስተምራለሁ። መጽሐፉ ጋፕ አለ ይላል፤ ለምን እንዳለ አይልም። እኔም አልልም።

ለልጄ ለመንገር ሳምንት ያህል አመነታሁ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት ደወልኩ። ድሮ ስልኩን ስታነሳ የመጀመሪያ ጥያቄዋ መቼ ነው የምትመጪው ነበር። በዚያ ቀን አልጠየቀችኝም፤ ስለ አዲሷ ዴስክ ጓደኛዋ ነው ያወራችኝ። ራሴው አቋረጥኳት።

"ማርቆስ መጥቼ አብረን እንኖራለን ብዬሽ ነበር አይደል? አልተሳካም። አልመጣም።"

"እሺ" አለች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም።

"እማ፣ ጨርሰናል፣ እንኪ ስልኩን" አለች ወዲያው። እማ ያለችው እህቴን ነው።