የማዳበሪያው ብድርና የውጭው ባንክ ሰነድ

ያን ስብሰባ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሥራዬ ንዴትን ከወሬ መለየት አስተምሮኛልና መጀመሪያ የሆነውን ላስቀምጥ።

ወደ ቡሬ የሄድኩት ስለ በርበሬ ገበያ ልዘግብ ነበር። የእናቴ ወንድም የገበሬዎች ዩኒየን ሊቀ መንበር ናቸው። ዩኒየኑ የበርበሬ ማበጠሪያና ወፍጮ ለመትከል ከአንድ የውጭ ባንክ ብድር ጠይቆ፣ ባንኩ ሊዋዋልባቸው የሚፈልጋቸውን ነጥቦች በእንግሊዝኛ ጽፎ ልኳል። መያዣው ቡሬ ያለው መጋዘን ነው፤ አባላቱ ድንጋዩን ተሸክመው፣ ተራ ገብተው ያቆሙት። ቦርዱ ፍኖተ ሰላም ላይ ሊፈርም ሲሰናዳ አጎቴ «መምጣትህ ካልቀረ አብረህ ስማ» አሉኝ።

ጉዳዩን የያዘው ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪ ነበር። የእሱ የድካም ክፍያ የሚለቀቀው ብድሩ ሲፈረም ነው። ሰነዱን በአንድ ገጽ አማርኛ አሳጥሮ አድሏል፤ ወለዱ አምስት በመቶ፣ ቀድሞ መክፈል የተፈቀደ፣ የቀረው የተለመደ የባንክ ግዴታ።

እንግሊዝኛውን ጠየቅሁት። «ረጅም ነው፣ ጊዜ ይፈጃል» አለ።

«እኛስ ምን ያጣድፈናል?» አሉ አጎቴ። አማካሪው ሰነዱን ሰጠኝ።

«አምስቱ የባንኩ ጭማሪ ነው» አልኩ አንብቤ። «ከሥሩ ለንደን ላይ የሚወጣ ሌላ ወለድ አለ። በየስድስት ወሩ ይታደሳል፣ ከፍም ዝቅም ይላል፤ አምስቱ በዚያ ላይ ይደመራል።»

«ያኛውስ ስንት ነው?» አሉ አጎቴ።

«ዛሬ እሱም ከአምስት ያልፋል።»

ከቦርዱ አባላት አንዱ፣ ሒሳብ የሚቆጣጠሩት ቄስ፣ ወደ አማካሪው ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ከጥማዱ አንዱን በሬ ብቻ ነው እንዴ ያሳየኸን?»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀጣዩን እያነበብኩ ነበር። ገበሬ ከአውድማ ሲነሣ ዕዳውን ካልዘጋ እንቅልፍ አይወስደውም። እነሱም በርበሬው ከቀናቸው በሚቀጥለው ጥር ብድሩን ሊገላገሉ አስበዋል። ሰነዱ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀድሞ በሚከፈለው ገንዘብ ላይ ሁለት በመቶ ቅጣት ይጥላል።

«አዘገየህ ብሎ ሲቀጣ ሰምቻለሁ» አሉ አጎቴ። «ፈጠንህ ብሎ የሚቀጣም አለ?»

«ባንኩ አገኘዋለሁ ያለው ወለድ ይቀርበታልና» አልኳቸው። ከባንኩ በኩል ሲታይ ያስኬዳል። የማያስኬደው ለእነሱ አለመነገሩ ነው።

ከዚያ ግዴታዎቹ ላይ ደረስኩ። ዩኒየኑ ያለ አበዳሪው የጽሑፍ ፈቃድ ማንኛውንም ሌላ ብድር አይወስድም፤ ይህን ከጣሰ ባንኩ ገንዘቡን በሙሉ ባንድ ጊዜ መጠየቅ፣ ካልተከፈለው መያዣውን መጋዘን መውረስ ይችላል።

ዩኒየኑ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ከአገር ውስጥ ባንክ ተበድሮ ማዳበሪያ ያመጣል፣ ለአባላት ያከፋፍላል፣ አዝመራ ሲገባ ይሰበስባል። ሽንዲም ደምበጫም ያለ ገበሬ ያውቀዋል። ማዳበሪያው የሚራገፈው እዚያው በመያዣነት በተጻፈው መጋዘን ነው።

«የማዳበሪያውን ብድር ነግረሃቸዋል?» አልኩት አማካሪውን።

«እሱ የአገር ውስጥ ነው እኮ።»

«‹ማንኛውም› ነው የሚለው።»

«ጌታዬ፣ ይህ ሰነድ እኮ ማንንም በሕግ አያስርም። ዋናው ውል ገና ነው። ደግሞ የውጭ ባንክ ለአንድ ዩኒየን ብሎ ደንቡን አይለውጥም፤ ይፈርሙና ይለፍ።»

አለማሰሩ በአብዛኛው እውነት ነበር። ግን ዋናው ውል የሚቀዳው ከዚህ ነው፤ ዛሬ ያልተጠየቀውን ነገ የሚጠይቅ አይኖርም። ይህን ስናገር ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ጣቶቼ ግን ወረቀቱን ጨምድደውት ነበር።

አጎቴ ብዕሩን ከድነው ኪሳቸው ከተቱ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ጻፍልን።»

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለባንኩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እሳቸው ፈረሙበት።

መልሱ ብዙ አልዘገየም። ተለዋዋጩ ወለድ እንዳለ ይቆያል፤ እሱን አይነኩትም። ከበርበሬ ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ፣ ከአንደኛው ዓመት በኋላ፣ ወለድ በሚከፈልበት ቀን ቀድሞ ቢከፈል ቅጣት የለም። የየዓመቱ የማዳበሪያ ብድር በተወሰነ ጣሪያ ተፈቅዷል። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ስለ ማዳበሪያው ብድር ቀድሞ የነገረን አልነበረም።

ያቺ ናት ያነደደችኝ። አንድ ደብዳቤ ነበር የጎደለው። ያ ሰው ለወራት ከባንኩ ጋር ሲጻጻፍ ከርሞ፣ የሰውን መጋዘን ለአደጋ ሲያጋልጥ ያችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም።

ቦርዱ ሒሳቡን በእውነተኛው ወለድ ደግሞ ሠራ። ወፍጮው ቀረ፤ ለማበጠሪያው ብቻ ተበድረው፣ የተስተካከለው ሁሉ የገባበትን ውል ፈረሙ።

አማካሪው ክፍያውን ሊቀበል መጣ። ቄሱ ቼኩን ከፍ አድርገው ያዙበት።

«ልጄ፣ ዛሬውኑ ብንሰጥህ ቅጣት አለብን?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፣ ቼኩን ተቀብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ደጅ የማዳበሪያ መኪኖች ወደ ቡሬ እያለፉ ነበር።